«አማን አደሩ?» ብሎ መጠየቅ ምንን መጠየቅ ነው? ስለ ሰላምታና ስለ ትስስር ንግግር

የሐይቅ ልጅ

ለመድረኩ አባላት በሙሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ሰላምታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሰላምታውን ዘሎ ቢገባ አያምርበትምና በዚያው ልጀምር።

ባለፈው ጥቅምት ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ጥቂት ቀናት ሰንብቼ ነበር። አንድ ማለዳ ወደ ገበያ ስንወጣ ጎረቤቷን ሼህ ሰይድን መንገድ ላይ አገኘናቸው። የቋንቋ ትምህርት ተማሪ ስለሆንኩ፣ እንደተለያየን የተባባሉትን እንዳልረሳው ፈጥኜ በማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ንግግሩ ግን ይኸው ነው።

— አማን አደሩ ሼህ ሰይድ?
— አማን አደርሽ አበቡ?
— እግዜር ይመስገን። አማን ነዎት?
— አልሐምዱሊላህ። ልጆች አማን ናቸው?
— አማን ናቸው። ያንቱስ፣ ቤተሰቡ?
— አማን ነው፣ አልሐምዱሊላህ።
— ከብቱስ አማን ነው?
— አማን ነው። አዝመራው እንዴት ነው?
— ተመስገን ነው።
— አልሐምዱሊላህ። ብቻ በሬው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሣር አልቀምስ ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ቆሙ፤ አክስቴ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ስለ በሬው ሆድ መነፋት፣ ስለበላው ነገርና መድኃኒት ስለሚሰጠው ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ግን ሁለቱም እርምጃቸውን አልገቱም ነበር፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጥያቄዎች የተለዋወጡት አንዱ የሌላውን መልስ ሳይጠብቅ፣ ድምፃቸው እየተደራረበ ነው።

ግራ የገባኝ ነገር ይህ ነው። «ከብቱስ አማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «አማን ነው» ብለው መለሱ፤ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በኋላ ደግሞ በሬው ከታመመ ሁለት ቀን እንዳለፈው ተናገሩ። ሼህ ሰይድ የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ አክስቴም ቀድሞ ስለምን ሸሸጉኝ ብላ አልተቀየመችም። ታዲያ የመጀመሪያው «አማን ነው» ምን ማለት ነበር? መረጃ ለማቀበል ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማያያዝ የሚነገር ንግግር እንዳለ በክፍል ተምረናል፤ ሰላምታም ዋና ምሳሌው ነው ተብለናል። ነገር ግን መምህራችን ያቀረቡልን ምሳሌ ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ እንግሊዞች ስለነበሩ ወደ አክስቴ ደጅ ሲመጣ እንዴት እንደሚሠራ አልገባኝም።

ተጠራጣሪው

መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ሰላምታ ባዶ ቃል ነው። «አማን ነው» የሚለው መልስ ምንም ማለት አይደለም፤ በር ከማንኳኳት የተለየ ትርጉም የለውም። በር ስናንኳኳ «ኳ ኳ» የሚለው ድምፅ መልእክት የለውም፣ ሰው መምጣቱን ብቻ ያሳውቃል። ሼሁና አክስትህ በዚያ ፈንታ ቢያፏጩ ወይም እጃቸውን ቢያውለበልቡ ውጤቱ አንድ ነበር። ጽንሰ ሐሳቡን ያወጣው ሰውም የቃላቱ ትርጉም ዋጋ እንደሌለው ጽፏል ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ውሸት ነው ወይስ እውነት ብለህ አትጨነቅ፤ ባዶ ነገር ሊዋሽም እውነት ሊሆንም አይችልም።

መምህር ከደሴ

ወንድሜ ተጠራጣሪው ያሉት ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹ ግን መንገድ የሚያስት ስለሆነ በጥንቃቄ ልለየው።

ጽንሰ ሐሳቡን በ1923 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በጽሑፍ ያስተዋወቀው ብሮኒስላው ማሊኖቭስኪ ነው። ሰውዬው የቋንቋ ሊቅ ሳይሆን የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ነበር፤ ከ1915 እስከ 1918 ባሉት ዓመታት ውስጥ ዛሬ በፓፑዋ ኒው ጊኒ በሚገኙት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ተቀምጦ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ ከሰዎቹ ጋር ኖሯል። እዚያ ያስተዋለው ነገር፣ ሰዎች ሥራ ጨርሰው እሳት ዳር ሲቀመጡ ወይም መንገድ ላይ ሲተላለፉ የሚነጋገሩት ንግግር አንዳች ነገር ለማሳወቅ አለመሆኑን ነው። «ወዴት ነህ?» ይባባላሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን እያዩት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ያወጣለት ስም «ፋቲክ» የሚል ነው፤ ከግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ከመናገር ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔ ለተማሪዎቼ «የትስስር ንግግር» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ሰው ቢያቀርብ ደስ ይለኛል።

ከጽሑፉ ውስጥ ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ስለ ዝምታ የተናገረው ይመስለኛል። እንደ እርሱ አባባል የማይናገር እንግዳ ሰው ያስፈራል፤ ዝምታው ሰላም ሳይሆን ሥጋት ነው። የመጀመሪያው ቃል ያንን ሥጋት ይሰብራል። ይህንን ማታ ላይ ጨለማ መንገድ ላይ ከኋላችሁ ኮቴ የሰማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ «እንደምን አመሻችሁ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ ትከሻችሁ ይረግባል። ያ ሰው ስለ አመሻሻችሁ ምንም ማወቅ አልፈለገም፤ «ክፉ አላስብም» ማለቱ ነው። አማን የሚለው ቃላችን ራሱ እኮ ይህን የያዘ ነው። በግእዝ አማን እውነት ማለት ሲሆን በዐረብኛ ደግሞ ደኅንነት ማለት ነው፤ በሰላምታችን ውስጥ ያለው አማን ወደ ደኅንነቱ የሚቀርብ ይመስለኛል። «አማን ነው?» ሲባል «በእኔና በአንተ መካከል ደኅና ነው?» የሚል ጥያቄ አብሮ አለበት። ሼህ ሰይድ ስለ ከብቱ ተጠይቀው «አማን ነው» ሲሉ የመለሱት ይህንን ጥያቄ ነው። የበሬውን ጤና የሚመለከተው ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር፤ ስለዚህ አልዋሹም።

አሁን ወደ ማልስማማበት ግማሽ ልምጣ። ማሊኖቭስኪ ትርጉሙ ዋጋ ቢስ ነው ወደሚል አቅጣጫ ማዘንበሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ቃላቱ ባዶ ናቸው የሚለውን አማርኛ ራሱ የሚያስተባብለው ይመስለኛል። ሰላምታችን የሚሠራባቸውን ግሦች ተመልከቱ። አደረ፣ ዋለ፣ አመሸ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣ ባጀ። ትናንት የተለየሁትን ሰው ጠዋት ሳገኘው «እንደምን አደርክ» እለዋለሁ። ሳምንት ያላየሁትን «እንደምን ሰነበትክ» እለዋለሁ። ክረምቱን በሙሉ ያልተገናኘሁትን «እንደምን ከረምክ»፣ በጋውን ያልተያየነውን ደግሞ፣ በተለይ በገጠር፣ «እንደምን ባጀህ» እለዋለሁ። ይህ ማለት ሰላምታ የሚሰጥ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከተጠያቂው ጋር የተለያየበትን ጊዜ ይለካል ማለት ነው። ያ ልኬት ለተሰላሚው አዲስ መረጃ አይደለም፤ መቼ እንደተለያዩ እርሱም ያውቀዋል። የሚነግረው «መቅረትህን ቆጥሬዋለሁ» የሚለውን ነው። ትስስሩን የሚሠራው እንግዲህ ይህ ነው፤ ማፏጨት ይህንን ሊሠራ አይችልም።

ስሕተቱ ሲፈጠር ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ከብዙ ዓመታት በፊት ለክረምት ሥልጠና ሁለት ወር ከሰፈር ጠፍቼ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጎረቤታችን በር ላይ አግኝቶኝ «ደህና አደርክ?» ብሎኝ አለፈ። ከሰላምታው ውስጥ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ፈገግታው እንኳ ሞቅ ያለ ነበር። ባለቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ ተብሰለሰለች። «ሁለት ወር መጥፋትህን አላወቀም ማለት ነው፤ ሞተህ ብትሆንስ?» አለችኝ። በተቃራኒው ደግሞ ከትናንት ወዲያ ላገኙት ሰው «እንደምን ከረምክ?» ማለት ቀልድ ነው፤ ወይም ቀልድ የለበሰ ወቀሳ ነው፤ «ልትጠይቀኝ መምጣት ነበረብህ» ማለት ነው። ለማናውቀው መንገደኛ «እንደምን አደሩ» የምንለው ሁላችንም ያንን ሌሊት ስላሳለፍን ብቻ ነው፤ ከዚያ የረዘመ የጋራ ዘመን የለንም።

ከድር ዘባቲ

አሰላሙ አለይኩም። የመምህርን ጽሑፍ በአድናቆት አነበብኩት። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር እወዳለሁ።

የግሡ ጉዳይ የአማርኛ ሰላምታ አንድ ገጽታ ነው፤ ሌላው ገጽታ ደግሞ ሰውን ደረጃ ሳይሰጡ «አደርክ» ማለት አለመቻሉ ነው። አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ ላይ ከአፋር፣ ከኦሮሞና ከአማራ የመጣ ሰው ሲገናኝ፣ የፊት ለፊቱ ሰው ታላቅህ ይሁን ታናሽህ በአንድ እይታ ለመለየት ጊዜ የለም። የአንቱታውን ሥፍራ ተሳስተህ «አደርክ» ያልካቸው ሰውዬ ዋጋውን ከፍ ቢያደርጉብህ አትደነቅ። ለዚህ ነው ሰላምታ ሲጀመር «አሰላሙ አለይኩም» የሚቀልለው። «ኩም» በዐረብኛ የብዙ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰውም ቢሆን «በእናንተ ላይ ሰላም ይሁን» ተብሎ ይሰላማል። ታላቅም ታናሽም፣ ወንድም ሴትም በአንድ ቃል ያልፋሉ። ክርስቲያን ጓደኞቼ «ጤና ይስጥልኝ» ሲሉም ያው ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ ቃሉ ውስጥ የለም።

ማን ይቀድማል የሚለውም በእኛ ዘንድ የተደነገገ ነው። በእንስሳ የተቀመጠ ሰው እግረኛውን፣ እግረኛው የተቀመጠውን፣ ጥቂቶቹ ብዙዎቹን ቀድመው እንዲሰላሙ ታዘናል። በቅሎ ላይ ያለ ሰው ከላይ ሆኖ ስለሚያይ ሥጋት የሚፈጥረው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ሰላሙን ቀድሞ የሚያወርደውም እርሱ ነው ብዬ እረዳዋለሁ። መምህር ስለ ጨለማው መንገድ ከተናገሩት ጋር ይሄዳል መሰለኝ።

ሰሎሜ ከውጭ አገር

ጤና ይስጥልኝ። ውይይቱ ደስ ይላል። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ በሚቀጥለው ክረምት ወልድያ ያሉ አያቶቿ ዘንድ ልወስዳት አስቤያለሁ። በስልክ ሲያነጋግሯት «እንዴት ነሽ?» ሲሏት፣ «ዛሬ ትንሽ ራሴን አሞኛል፤ ትናንት ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቻለሁ» ብላ ትመልሳለች፤ አያትየው ይደነግጣሉ። የተሟላ የሰላምታ ዝርዝር ያለው ሰው ቢልክልኝና ባስጠናት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህር ከደሴ

እመቤት ሰሎሜ፣ ዝርዝሩ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ልጅዎ ቃላቱን ታውቃቸዋለች፤ የተሳሳተችው ጥያቄ መስሏት መመለሷ ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ ደህና ነዎት?» ብላ መልሳ እንድትጠይቅ ብቻ ያስተምሯት። ራስ ምታቷን ከዚያ በኋላ ብትነግራቸው አያትየው አይደነግጡም፤ ይጨነቁላታል እንጂ። መጀመሪያ ላይ ስትነግራቸው የሚደነግጡት፣ ሰላምታው ተሰብሮ የሚነገር ወሬ ትልቅ ክፉ ወሬ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጤና ባለሙያዋ

የእመቤት ሰሎሜ ልጅ ጉዳይ የኔን ችግር ገልብጦ አሳየኝ። በወሎ ገጠር በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስሠራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁትን ልናገር።

አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው ገቡ። «እንዴት ነዎት እናቴ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ደህና ነኝ» ያሉኝን በካርዳቸው ላይ ለመደበኛ ክትትል እንደመጡ አድርጌ ጻፍኩት፤ የደም ግፊታቸውን ለክቼ ልሸኛቸው ስል፣ በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና «ልጄ፣ ብቻ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ጋደም ስል ደረቴን ያፍነኛል» አሉኝ። መልሼ አስቀመጥኳቸው፤ እግራቸው አብጦ ነበር፤ የልባቸው ነገር ስላሠጋኝ ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው። እንደዚያ የታመመ ሰው «ደህና ነኝ» አለኝ ብዬ መጀመሪያ በእርሳቸው ተናደድኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። እኔ ምርመራ የጀመርኩ መሰለኝ፤ እርሳቸው ሰላምታ የሰጠኋቸው መሰላቸው፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሥራ ልሠራ ብዬ ሁለቱንም አበላሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው እሰጣለሁ፤ ስለ ልጆቻቸውና ስለ መንገዱ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን አልመዘግብም። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ዛሬ ከቤት ያስወጣዎት ምንድን ነው?» ወይም «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» እላለሁ። ለእነዚህ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ብሎ መመለስ አይቻልም። ሰላምታውን ቆርጬ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የገባሁባቸው ቀናትም ነበሩ፤ ሰልፉ ሲረዝም ማለቴ ነው። በእነዚያ ቀናት ሕመምተኞቹ የሚመልሱልኝ በአጭሩ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን የገባኝ ይመስለኛል።

የሐይቅ ልጅ

እትዬ ጤና ባለሙያዋ፣ የጻፉት ላይ «ብቻ» የምትለዋን ቃል አየኋት! ሼህ ሰይድም «ብቻ በሬው» ነበር ያሉት። እንዲህ የምትገባው «ብቻ» ከሰላምታው ወደ ጉዳዩ የሚያሻግር ድልድይ ናት ማለት ይቻላል?

መምህር ከደሴ

መልካም ዓይን ነው። «ደህና ነኝ፣ ብቻ…» የሚለው አነጋገር ማጠፊያው ነው። ከእርሱ በፊት ያለው የትስስሩ ክፍል ነው፤ ከእርሱ በኋላ ያለው ወሬ ነው። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መደራረቡ ይቆማል፣ አክስትህ እንዳደረገችው ዘንቢል መሬት ይወርዳል። «ብቻ»ን ሳይናገር በድምፁ የሚያመጣትም አለ። «ምን ይደረጋል፣ ተመስገን ነው» ብሎ ትንፋሹን የሚያስረዝም ሰው ከ«ተመስገን» ባሻገር ጠይቁኝ እያለ ነው፤ ጠያቂው «ምነው?» ካላለው ግን ሳይናገር ያልፋል። ሰላምታ እንግዲህ የሐዘኑን በር ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ገፍቶ መግባትና አለመግባት የጠያቂው ፈንታ ነው።

የኮምቦልቻው ነጋዴ

ሁላችሁም የፊት ለፊቱን ሰላምታ ነው የምታወሩት። የኔ ችግር ስልክ ላይ ነው። ደንበኞቼ በቴሌግራም «ሰላም» ብለው ይጽፉልኛል። እኔም «ሰላም» እላለሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ «እንዴት ነህ?» ይመጣል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ማታ ላይ «ቤተሰብ ሰላም ነው?» ይለኛል። ሰውየው የፈለገው የቆርቆሮ ዋጋ መሆኑን የማውቀው በማግስቱ ነው! ይህ ትስስር ነው ወይስ ሥራ ማስፈታት? አንድ የተማረ ዘመዴ ደግሞ ይህ ሁሉ መስመሩ መሥራቱን መፈተሻ ነው፣ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እንደማለት ነው አለኝ።

መምህር ከደሴ

ዘመድዎ ያሉት ከሌላ ሊቅ የመጣ ነው። ሮማን ያቆብሰን በ1960 ዓ.ም. (አሁንም የፈረንጅ ነው) ባሳተመው ጽሑፍ የማሊኖቭስኪን ቃል ወስዶ ትርጉሙን ፈቀቅ አድርጎታል። ለእርሱ የዚህ ንግግር ሥራ መገናኛው መከፈቱን፣ አለመቋረጡንና መዘጋቱን መቆጣጠር ነው። «ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» ለእርሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ እኔ ግን በፈተና ላይ የሚለዩአቸው ተማሪዎች ደስ ይሉኛል። «ይሰማል?» ተብሎ «አይሰማም» ማለት ይቻላል፤ ደዋዩም አይቀየምም፣ ስልኩን ዘግቶ እንደገና ይደውላል። «ሰላም ነህ?» ተብሎ መልስ መንሣት ግን ቂም ነው። የመጀመሪያው ስለ መስመሩ፣ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ነው።

አማርኛ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲያገናኛቸው አያስገርምም? ሰላምታ ያቋረጠንን ሰው «ዘጋኝ» እንላለን። ሁለት ጎረቤታሞች ሲኳረፉ «ተዘጋግተዋል» ይባላል። ሲዘጋጉም እንኳ «የእግዜር ሰላምታ» የምንላት ትንሽ ነገር ትቀራለች፤ ወዳጅነት ሳይኖር ለማንም ሰው የምትገባ ሰላምታ ናት። እርሷን የነፈገ ሰው በሰፈር ውስጥ በጥል ሳይሆን በክፋት ይታማል።

የቴሌግራሙን ነገር በተመለከተ ችግሩ የሰላምታው ርዝመት አይደለም። አክስትየውና ሼህ ሰይድ ስድስት ሰባት ጥያቄ የተጠያየቁት ድምፃቸው ተደራርቦ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። በጽሑፍ ግን መደራረብ የለም፤ እያንዳንዷ «እንዴት ነህ» ሄዳ እስክትመለስ ትጠበቃለች። በአፍ ግማሽ ደቂቃ የነበረው አንድ ቀን ሙሉ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሰላምታውን መቁረጥ አይደለም፤ ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት መላክ ነው። «እንደምን ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው? የቆርቆሮ ዋጋ ልጠይቅህ ነበር» ብለው የሚጽፉ ደንበኞች የሉዎትም?

የኮምቦልቻው ነጋዴ

አሉ። ለእነርሱ ነው ቶሎ የምመልሰው። ይህንን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ተጠራጣሪው

መምህርን አከብራለሁ፤ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። «ከረምክ» የሚለው ግሥ የመለያየትን ጊዜ ከለካ፣ «አደሩ» የሚለው ደግሞ ደረጃን ከገለጸ፣ ሰላምታ ብዙ ነገር ያስታውቃል ማለት ነው። ታዲያ መረጃ የማያቀብል ንግግር ዋና ምሳሌው ሰላምታ ነው መባሉ እንዴት ይቆማል? ወይ እኔ ባዶ ነው ያልኩት ልክ ነው፣ ወይ ደግሞ ምሳሌው የተሳሳተ ነው።

መምህር ከደሴ

ጥሩ አድርገው ያዙኝ፤ ሙሉ በሙሉ ያመለጥኩ አይመስለኝም። ልመልስ የምችለው ይህንን ነው። የሚገለጸው ነገር ሁለቱም የሚያውቁት ነው። ከእርስዎ እንደማንስ እርስዎም ያውቃሉ፤ ወር መለያየታችንንም ያውቃሉ። ሰላምታው የሚያደርገው የሚታወቀውን ነገር መቀበሌን በቃል ማሳየት ነው። ማሳወቅና መቀበልን ማሳየት ለእኔ የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን «አደርክ» ሲባል የነበረው ወጣት አንድ ቀን «አደሩ» ቢባል፣ ትልቅ ሰው ተደርጎ መታየቱን ያን ቀን አዲስ ያውቃል። ያ መረጃ ነው ቢሉኝ መከራከሪያ የለኝም።

ከድር ዘባቲ

እኔ ይህ ሁሉ በአንድ ፈተና ይፈታል ባይ ነኝ። ሰውዬው ሲናገረው ምን አወቅን ብለን ከምንጠይቅ፣ ሳይናገረው ሲቀር ምን ሆነ ብለን እንጠይቅ። ዋጋ ሳይነግሩኝ ቢቀሩ ዋጋ አላውቅም፤ ያ ብቻ ነው። ሰላምታ ሳይሰጡኝ ቢቀሩ ግን ሌሊቱን «ምን አድርጌያቸው ነው?» እያልኩ እገላበጣለሁ።

የሐይቅ ልጅ

ትናንት አክስቴ ዘንድ ደውዬ ነበር። በሬው ድኗል፤ ሆዱን ነፍቶት የነበረው እርጥብ ሣር ነው ተባለ። «ሼህ ሰይድ መጀመሪያ ሲጠይቋቸው ለምን በሬው ታሟል አላሉም?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄዬ ራሱ አልገባትም። ቆየት ብላ «ሳልሰላማቸው እንዴት ወሬ ይነግሩኛል?» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶብኛል። ያን ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ ጠዋት ከተሰላመቻቸው ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ሼህ ሰይድን እዚያው መንገድ ላይ ደግመን አገኘናቸው። ያን ጊዜ «አማን አደሩ» አይባል፣ ገና ስላልዋልን «አማን ዋሉ» አይባል። ሁለቱም ለቅጽበት ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ ከዚያ አክስቴ «አሉ?» አለቻቸው፤ እርሳቸውም «አለሁ፣ አለሽ?» አሏት፤ ተላለፉ። ይህች «አለሁ» ከየትኛው ወገን ናት?

ጤና ባለሙያዋ

በእኛ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ በቀን ሃያ ጊዜ እንባባላለን። መልስ ካገኛችሁ እኔም እጠብቃለሁ።